ዘጠኙ ካርዶች ለምን ከጀርባቸው ታወቁ? በቤት ስለሚታተም የካርድ ጨዋታ የተደረገ ረጅም ክር

ይህን የጥያቄና መልስ ክር የከፈተው የሐዋሳ ልጅ ነው። አንድ የካርድ ጨዋታ ፈጥሯል። ጨዋታው ስለ ሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ነው። ኮረሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ጀልባና መረብ አለ፣ ዕቅድ የሚያበላሽ ዝናብና ማዕበልም አለ። በጠቅላላው 54 ካርድ ነው። እያንዳንዱን 63 በ88 ሚሊሜትር አድርጎ ነደፈው። በአንድ ገጽ ዘጠኝ ዘጠኝ ደርድሮ ስድስት ገጽ ወጣለት።

ስሊቩን ከውጭ የመጣች የአክስቱ ልጅ አምጥታለታለች። ስሊቭ የሚባለው እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው የሚገባበት ስስ የፕላስቲክ ኪስ ነው። እሱ ያገኘው ጥቅል 100 ፍሬ አለው፤ ስፋቱ 66 በ91 ሚሊሜትር ነው፤ ፊቱ ያሳያል፣ ጀርባው ጥቁር ነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደና በ220 ግራም ወረቀት ፊትና ጀርባ አሳተመ። ቆርጦ ስሊቭ ውስጥ ሲከታቸው ግን ካርዶቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ዘጠኝ ካርዶችን አስተካክሎ፣ አንዲቷን ገጽ ብቻ ሌላ ቤት አሳተመ። ከዚያ የባሰ ነገር መጣ። ጓደኞቹ እነዚያን ዘጠኝ ካርዶች ገና ሳይገለበጡ ማወቅ ጀመሩ። ዝናብ የሚለው ካርድ ማን እጅ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። እሱ ጥፋቱን በወረቀቱ ስስነት ላይ አሳበበ። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነበር፦ 300 ግራም ወረቀት ሐዋሳ ውስጥ የት ይገኛል? የቤት ፕሪንተርስ ያትመዋል ወይ?

መልሶቹን በየተራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። አንዳንዶቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በትሕትና ጀመረ። ጨዋታውን አመሰገነና ወደ ወረቀቱ ገባ። የቤት ፕሪንተር 300 ግራም ወረቀት ብዙ ጊዜ እንደማይጎትት ነገረው። በተለይ ወረቀቱን ከፊት ከመሳቢያ የሚወስዱት ማሽኖች ወረቀቱን በሆዳቸው ውስጥ አጥፈው ስለሚያዞሩት ወፍራም ወረቀት ይነክሳሉ። ከኋላ ቀጥ አድርገው የሚጎርሱት የተሻሉ እንደሆኑ ጻፈ። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ግን 230 ግራም የፎቶ ወረቀት ቢገዛ፣ የማያብረቀርቀውን ቢመርጥ፣ ችግሩ ሁሉ እንደሚያልቅ ቃል ገባለት። ይሄ ላይ ተሳስቷል። ካርዱ ለምን እንዳነሰ ግን አልጠየቀም።

መልስ 2። ሁለተኛው ሰው ጥያቄውን በሌላ ተረዳው። የመታወቂያ ካርድ ማዘጋጀት የፈለገ መስሎት፣ የመታወቂያ ላሚኔሽን በስንት እንደሚሠራ፣ ፎቶው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ዘረዘረ። ማንም አላረመውም። በኋላ ግን የላሚኔሽን ነገር ራሱን ችሎ ተመልሶ ይመጣል።

መልስ 3። ክሩን ያዞረችው ይህቺ ናት። ማተሚያ ቤት ለዓመታት የሠራች ሴት ናት፤ አነጋገሯ አጭርና ቀጥተኛ ነው። ስለ ወረቀት አንድም ቃል ከመናገሯ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችው፦ የተቆረጠውን ካርድ በማስመሪያ ለክተኸዋል ወይ? ከድሮዎቹ አንድ፣ ከአዲሶቹ ዘጠኝ ደግሞ አንድ እንዲለካ አዘዘችው። ፋይሉ የተዘጋጀው በየትኛው የገጽ መጠን እንደሆነም እንዲያይ ነገረችው።

መልስ 4። ልጁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ከድሮዎቹ አንዱ ስፋቱ 61፣ ቁመቱ 85 ተኩል ሆነ። ከአዲሶቹ ደግሞ 59 በ83 አካባቢ ወጣ። የገጹ መጠን ሲታይ ኤ4 ሳይሆን `Letter` ይላል።

መልስ 5። እዚህ ላይ ሴትየዋ ሒሳቡን ሠርታ አሳየችው። እኔም ቀስ ብዬ ልድገመው፤ የክሩ ፍሬ ነገር ይሄ ነው።

`Letter` የሚባለው የአሜሪካኖች ወረቀት ስፋቱ 216 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እኛ አገር ማሽን ውስጥ ያለው ኤ4 ደግሞ 210 ነው። ሰፊው ገጽ ጠባቡ ላይ እንዲገባ ሲታዘዝ መቀነስ አለበት። 210ን ለ216 ብናካፍል 97 በመቶ ይመጣል። 63 ሚሊሜትር የነበረው ካርድ በ97 በመቶ ሲወጣ 61 ይሆናል፤ 88 የነበረው 85 ተኩል ይሆናል። ልጁ የለካው ቁጥር ይሄው ነው። የመጀመሪያው ቤት ያደረገው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ቤት ደግሞ ሌላ ማሽን ነው ያለው። አብዛኛው ፕሪንተር ወረቀቱን እስከ ጠርዙ አያትምም፤ በዙሪያው ጥቂት ሚሊሜትር ይተዋል። ማተሚያው መስኮት ላይ `Fit` የሚለው ተመርጦ ከሆነ ገጹን ወደዚያ ወደቀረው ቦታ ጠቅልሎ ያስገባዋል። በዚያ ቤት 94 በመቶ ላይ ወረደ። 63ቱ 59 ሆነ፤ 88ቱ 83 ገደማ ሆነ። እንግዲህ በአንድ እሽግ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጠን ያላቸው ካርዶች ተቀላቀሉ ማለት ነው። ጀርባው ጥቁር ስሊቭ ቀለሙን ይደብቃል እንጂ መጠኑን አይደብቅም። ስፋቱ 66 በሆነ ስሊቭ ውስጥ 59 የሆነ ካርድ ሰባት ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይተዋል። ካርዱ ሲነሣ ዳሩ ላይ ፕላስቲኩ ባዶውን ይታጠፋል፤ ጣት ያንን ወዲያው ያውቃል። ዝናቡን ያስያዘው ይሄ ነው። የወረቀቱ ግራም ምንም አላደረገም።

መፍትሔውንም ጨመረችለት። ፋይሉ ውስጥ የገጹን መጠን ኤ4 ማድረግ። ሦስት ካርድ ጎን ለጎን 189፣ ሦስት ካርድ ላይ ታች 264 ስለሚሆን ኤ4 ላይ በደንብ ይገባል፤ በግራና በቀኝ አሥር ተኩል፣ ከላይና ከታች አሥራ ስድስት ተኩል ይተርፋል። በዚያ በተረፈው ነጭ ቦታ ላይ ሁለት ቀጭን መስመሮች መሳል፣ አንዱ አግድም አንዱ ቁልቁል፣ እያንዳንዳቸው ልክ 100 ሚሊሜትር። ከማተሚያው መስኮት `Actual size` ወይም `100%` መምረጥ። መጀመሪያ አንዲት ገጽ ብቻ በተራ ወረቀት አውጥቶ መስመሮቹን በብረት ማስመሪያ መለካት። 97 ካለ 97 በመቶ ነው፤ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም። ቁልቁል ያለው ግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ማሽኑ ወረቀቱን ሲጎትት የሚሆን ነውና እንዳይጨነቅ፣ ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ማሽን እንዲፈልግ ነገረችው።

እኔ ይህን መስመር የመለካት ነገር እጅግ ወድጄዋለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሆነህ፣ ከኋላህ ሰው ተሰልፎ፣ ሠራተኛው መስኮቱን ቶሎ ቶሎ እየጫነ ሲያሳልፈው ምን እንደመረጠ ማየት አትችልም። መስመሩ ግን ወረቀቱ ላይ አብሮህ ይወጣል። እዚያው ቆመህ ለክተህ ማስመለስ ትችላለህ።

መልስ 6። የአዳማ ሰው ነው፤ ከመጀመሪያው ቃሉ ጀምሮ ሹል ነው። ሙከራ ላይ ላለ ጨዋታ ወፍራም ወረቀት መግዛት ገንዘብ መበተን እንደሆነ ጻፈ። ጨዋታው ገና በየሳምንቱ ይለወጣል። እሱ ራሱ የሚሠራው በተራ 80 ግራም ወረቀት ነው፤ ፊቱን ብቻ ያትማል፣ ይቆርጣል፣ ስሊቩ ውስጥ ከኋላው አንድ ተራ የመጫወቻ ካርታ ይከትታል። ጥንካሬውን የሚሰጠው ካርታው ነው። አንድ ጥቅል ካርታ ከሁለቱ ጆከሮች ጋር 54 ነው፤ ልጁ የሚፈልገውም 54 ነው። ካርዱ ሲለወጥ ወረቀቷን አውጥቶ ሌላ መክተት ብቻ ነው። መልስ 1 ላይ የተባለውን የፎቶ ወረቀት ደግሞ የሰው ገንዘብ ማስባከን ብሎ ፈረጀው።

መልስ 7። የመልስ 1 ጸሐፊ ተቆጣ። ቅን ምክር ሰጥቶ መሰደቡን ገለጸ። ቀጭን ወረቀት እጅ ላይ ርካሽ ስሜት እንደሚሰጥ፣ በብርሃን ላይ ከኋላ እንደሚያሳይ፣ የሰው ጨዋታ በዚያ መልኩ ቀርቦ ማንም ከልቡ እንደማይጫወተው ተከራከረ። ሙከራም ቢሆን መልክ ያስፈልገዋል ባይ ነው።

መልስ 8። ሴትየዋ ሁለቱንም አረመች። ጥቁር ጀርባ ያለው ስሊቭና ካርታው እያሉ ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ የመልስ 7 ስጋት እዚህ አይሠራም። በሌላ በኩል ግን የመልስ 6 ዘዴ አንድ ወጥመድ አለው፤ ካርታ ሁሉ አንድ መጠን አይደለም። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ስፋት አለ። አንዱ 63 አካባቢ ነው፤ ሌላው ጠበብ ያለ፣ 57 አካባቢ ነው። ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ጥቅሉን ዓይቶ መለየት ይከብዳል። ጠባቡ ከተገዛ ካርታው ስሊቩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ወረቀቷን ይዟት ይዞራል፤ ልጁ ከሸሸው ችግር ጋር ተመልሶ ይገናኛል። ገዝቶ ከመውጣቱ በፊት አንድ ስሊቭ ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ እንዲያስገባበት መከረች። አሮጌና አዲስ ካርታም አንድ ላይ እንዳይቀላቀል፤ አሮጌው ጎበጥ ስለሚል ከእሽጉ ውስጥ ይታወቃል።

መልስ 9 እና 10። ሁለት ሰዎች ከካርታው ተነሥተው ወደ ቁማር ሄዱ። አንዱ ቤት ውስጥ ካርታ ሲያይ እናቱ እንዴት እንደሚቆጡ ጻፈ። ሌላው ዓሣ ያለበት ጨዋታ ላይ የአምባዛ ነጥብ ከኮረሶ መብለጥ እንደሌለበት ተከራከረ፤ የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄዶ ሰው ምን እንደሚገዛ ማየት ይበቃል ነው የሚለው። ልጁም በጨዋታው ውስጥ አምባዛ ብርቅ የሆነው መረብ ስለሚቀድ እንደሆነ መለሰለት። ይሄ ከርዕሱ ውጪ ቢሆንም እኔ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

መልስ 11። እኚህ አስተማሪ ናቸው። በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስላሉ፤ ሌሎቹም መምህር እያሉ በአክብሮት ነው የሚመልሱላቸው። ጥያቄውን ትተው የራሳቸውን ጉዳይ አመጡ። ለትናንሽ ልጆች የፊደል ካርድ ይሠራሉ፤ ስሊቭ የሚባል ነገር አያገኙም። የሚሠሩት በላሚኔሽን ነው። ኤ4 ወረቀት አትመው ሙሉውን ላሚኔት አድርገው በመቀስ ይቆርጣሉ። ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠርዙ ይከፈትና ልጆቹ ይልጡታል። ምን እንደሚሻል ጠየቁ።

መልስ 12። ሴትየዋ ለመምህሩ በቅድሚያ መለሰች። የሚላጠው ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ጋር ስላልተጣበቀ ነው። ሙሉው ወረቀት ላሚኔት ተደርጎ ከተቆረጠ ዳሩ ላይ ወረቀቱ ተገልጦ ይቀራል፤ ላቡም እርጥበቱም በዚያ ይገባል። መጀመሪያ ካርዱን ቆርጦ፣ ላሚኔቱ ውስጥ እየነጣጠሉ ደርድሮ፣ በዙሪያው ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ንጹሕ ፕላስቲክ ትቶ መቁረጥ ነው መፍትሔው። ለፊደል ካርድ ይሄ በጣም ጥሩ ነው።

ለልጁ ጨዋታ ግን አልፈቀደችም፤ ምክንያቷም ውፍረት ነው። 125 ማይክሮን የሚባለው ፕላስቲክ በሁለቱም ፊት ሲሆን ሩብ ሚሊሜትር ይጨምራል። ሩብ ሚሊሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። በ54 ካርድ ሲባዛ ግን አሥራ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ አንድ ሙሉ የካርታ ጥቅል ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። እሽጉ እጥፍ ሊሆን ይቃረባል፤ ያንሸራትታል፣ መበወዝ አይቻልም። ደግሞም አንዴ ከታሸገ ቃል መለወጥ አይቻልም።

መልስ 13። እዚህ ላይ ልጁ ወደ መቁረጡ መጣ። ስድስቱን ገጽ ደራርቦ አንድ ትምህርት ቤት ባለው ባለ እጀታ መቁረጫ ቆርጦት ነበር። የላዩ ገጽ ልክ ሆነ፤ የታቹ ግን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተንሸራቷል። ስለቱ ስለደነዘዘ ይሆን ሲል ጠየቀ።

መልስ 14። ስለቱ መደንዘዙ ያባብሰዋል እንጂ ዋናው ምክንያት እሱ እንዳልሆነ የመለሰው ያው የአዳማው ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን በጣም ጠንቃቃ ሆኖ አገኘሁት። እጀታው ሲወርድ ስለቱ ወረቀቱን እንደ መቀስ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ነው የሚይዘው፤ እየቆረጠ ወረቀቱን ወደ ራሱ ይስባል። ድርቡ በበዛ ቁጥር የታቹ ገጽ የሚይዘው ስለሌለ ይሸሻል። በዚያ ማሽን ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ በላይ መቁረጥ የለበትም። እሱንም ቢሆን መዳፍን ዘርግቶ በስለቱ አጠገብ ወረቀቱን መጫን ያስፈልጋል።

እሱ ግን የሚመርጠው ካተርና የብረት ማስመሪያ ነው። የፕላስቲክ ማስመሪያ አይሆንም፤ ካተሩ ይልጠውና መስመሩ ይጎብጣል። ከሥር ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ነገር፣ የመቁረጫ ምንጣፍ ከሌለ ወፍራም ካርቶን ይነጠፋል። ካርቶኑ ላይ የድሮ ቁርጥ ካለ ግን ስለቱ ወደዚያ ጎድጓዳ ስለሚገባ ካርቶኑን በየጊዜው መቀየር ያስፈልጋል። በአንድ ኃይል ከመጫን ይልቅ ቀለል አድርጎ ሁለትና ሦስት ጊዜ መሄድ ይሻላል። የመጀመሪያው ጭረት መንገዱን ብቻ ይሠራል፤ ቀጣዩ ይቆርጣል። የካተሩ ጫፍ ወረቀቱን መቁረጡን ትቶ መቅደድ ሲጀምር፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ጸጉር ሲታይ፣ ያንን ጫፍ ሰብሮ አዲሱን ማውጣት ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የአቆራረጡ ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው የገጹን ነጭ ዳር አስቀድሞ ይቆርጠዋል። ያ ዳር ላይ ግን የመቁረጫ ምልክቶቹ አሉ፤ ዳሩ ሲሄድ ምልክቶቹ አብረው ይሄዳሉ። የአዳማው ሰው መጀመሪያ ቁልቁል ያሉትን አራት መስመሮች ይቆርጣል። ሲቆርጥ ግን ከካርዱ ጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ነጩ ዳር ላይ ያቆማል፤ እስከ ጫፍ አይሄድም። ገጹ በላይና በታች በነጩ ዳር እንደተያያዘ ይቆያል፤ አይበታተንም። ከዚያ ገጹን አዙሮ አግድም ያሉትን አራት መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆርጣል። ምልክቶቹ በግራና በቀኝ ስላሉ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ይታያሉ። የመጀመሪያው አግድም ቁርጥ የላዩን ነጭ ዳር ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ አግድም ቁርጥ ሦስት ካርዶች ተለቀው ይወጣሉ።

መልስ 15። የመልስ 1 ጸሐፊ እንደገና መጣ፤ አሁን ቀዝቅዞ ነው። ካርዶቹ መካከል ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት መተው እንዳለበት አሳሰበ። ካርድ ከካርድ ከተጣበቀ አንድ ሚሊሜትር ሲሳሳት ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው መስጠት ነው፤ የኮረሶው ሰማያዊ የዝናቡ ካርድ ላይ ይታያል። ክፍተት ካለ ግን ስሕተቱ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። የካርዱንም መደብ ቀለም ከመቁረጫው መስመር አሳልፎ ማሰራጨት ያስፈልጋል። ቦታው ይበቃል፤ 189 ላይ ስድስት ተጨምሮ 195 ነው፣ ኤ4 ይችለዋል።

መልስ 16። የአዳማው ሰው በዚህ አልተስማማም። ክፍተት ከሌለ በአንድ ገጽ ስምንት ቁርጥ ነው። ክፍተት ካለ አሥራ ሁለት ይሆናል። በስድስት ገጽ ከ48 ወደ 72 ይወጣል ማለት ነው። ቁርጥ በበዛ ቁጥር ስሕተትም ይበዛል፤ በየሳምንቱ ለሚጣል ወረቀት ይሄ ድካም አይገባም ባይ ነው። የካርዶቹ ሁሉ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ቀለም የለም። ቀጭን ባለቀለም ክፈፍ ግን እንዳይሠራ አስጠነቀቀ። ሦስት ሚሊሜትር ክፈፍ አንድ ሚሊሜትር ከተሳሳተ በአንድ በኩል ሁለት በሌላ በኩል አራት ይሆናል፤ ዓይን ያንን ሳይፈልግ ያየዋል።

ሁለቱ እስከ መልስ 19 ድረስ በዚህ ተሟገቱ። አልተስማሙም። እኔ ለራሴ፣ ካርዱ ስሊቭ ውስጥ የሚገባ ከሆነና ዳሩ ነጭ ከሆነ፣ ከአዳማው ሰው ጋር ነኝ። ያለ ስሊቭ ለሚሠራ፣ ቀለሙ እስከ ጠርዝ ለሚሄድ ካርድ ግን ክፍተቱ ግድ ነው።

መልስ 20። አንዲት ተማሪ ፊደሉን አነሣች። ልጁ የላካቸውን ፎቶዎች አይታ የካርዱ ማብራሪያ በጣም አንሷል አለች። በአማርኛ ፊደል ላይ ቅጥያዎቹ ናቸው ድምፁን የሚለዩት፤ ሲያንሱ ጩ እና ጪ፣ ሹ እና ሺ ይመሳሰላሉ። በተራ ወረቀት ላይ ቀለሙ ትንሽ ስለሚሰራጭ ቅጥያው ይሞላል። ማብራሪያውን አሳጥሮ ፊደሉን እንዲያሳድግ፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ እንዲተው ነገረችው። ፋይሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ እንዲወስድ አሳሰበች፤ እዚያ ኮምፒዩተር ላይ የእሱ ፊደል ከሌለ በሌላ ይተካና መስመሩ ሁሉ ይገፋፋል።

መልስ 21። ሴትየዋ አጠር ያለ ማስታወሻ ጨመረች። ወረቀቷ ከካርታው ጋር አንድ ስሊቭ ውስጥ ስለምትገባ ከ63 በ88 በግማሽ ሚሊሜትር ብታንስ ይሻላል። ልክ ከሆነች ስትገባ ትጎብጣለች። መጀመሪያ ካርታው ይገባል፣ ከዚያ ወረቀቷ በፊቱ በኩል ትንሸራተታለች። የወረቀቷን አራት ማዕዘን በጥፍር መቁረጫ ትንሽ መቅመስ ነው፤ ሹሉ ጫፍ የስሊቩን ጥግ አይዝም። በቀለም ታንክ ፕሪንተር የወጣ ከሆነ ደግሞ አድሮ ይግባ። ቀለሙ ሳይደርቅ ከገባ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል፤ በክረምት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

መልስ 22። ከቀናት በኋላ ልጁ ሥራውን ይዞ ተመለሰ። ገጹን ኤ4 አደረገ። በ80 ግራም ወረቀት ፊቱን ብቻ አሳተመ። መስመሩን እዚያው ቆሞ ሲለካው አግድሙ 100፣ ቁልቁሉ ከ100 ጥቂት ያነሰ ሆነ። ካርታ ሲገዛ ስሊቭ ይዞ ሄዶ ነበር፤ የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ጠባቡ ስለሆነ ትቶት ወጣ፤ ሰፊውን ሌላ ቦታ አገኘ። ጓደኞቹን ካርዶቹን ከጀርባ ለዩ አላቸው። ዘጠኙን ማንም አልለያቸውም። አንዲት ካርድ ግን አሁንም ታወቀች፤ መረብ የሚለው ካርድ ናት። መጠኗ ልክ ነው፣ ካርታዋም አዲስ ነው።

መልስ 23። የአዳማው ሰው ወረቀቷን ወደ ሌላ ስሊቭ አዛውሮ እንዲሞክር ጻፈለት። ምልክቱ ከወረቀቷ ጋር ከሄደ ችግሩ ወረቀቷ ናት፤ ከቀረ ስሊቩ ነው።

መልስ 24። ስሊቩ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የተረፈ ነው፤ ጥቁሩ ጀርባ ላይ በብርሃን የሚታይ ጭረት አለው። ከ100ው 46 ትርፍ ስለነበረው በአዲስ ቀየረው። ሴትየዋ ግን ያገለገሉትና አዲሶቹ ስሊቮች ተቀላቅለው መቆየት እንደሌለባቸው፣ አዲሱም በተራው ከሌሎቹ የበለጠ ስለሚያብረቀርቅ እንደሚታወቅ ነገረችው። አንዱን መቀየር ካስፈለገ ሁሉንም መቀየር ነው ባይ ናት። 46 ለ54 አይበቃም። የአዳማው ሰው በዚህ አልተስማማም፤ ጥቂት ጊዜ ከተበወዘ አዲሱም ይለምዳል አለ።

መልስ 25። ልጁ ሌላ ጥያቄ ጣለ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ለሽያጭ ሃያ ጥቅል ቢያሠራ በዚሁ መንገድ ይሆናል ወይ? ሴትየዋ አይሆንም ብላ መለሰች። በሃያ ጥቅል 1080 ካርድ ነው፤ ያ ሁሉ በካተር አይቆረጥም፣ ሃያ ጥቅል ካርታ ገዝቶ ከኋላ መክተትም አያዋጣም። ያኔ ወፍራሙ ወረቀትና የማተሚያ ቤት መቁረጫ ማሽን ይመጣሉ፤ ክፍተቱም፣ የሚሰራጨው ቀለምም ያኔ ግድ ይሆናል። የመልስ 1 ጸሐፊ ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የጻፈው ወረቀት ለዚያ ጊዜ እንደሚሆን አስታወሰ። ሴትየዋም ለዚያ ጊዜ ከሆነ አዎ አለችው፤ ግን ከፎቶ ወረቀት ይልቅ በመሐሉ ብርሃን የማያሳልፍ ድርብ ያለውን የካርታ ወረቀት እንዲፈልግ መከረችው። ሐዋሳ ውስጥ ማን ጋ እንደሚገኝ ጠይቆ እስካሁን መልስ የሰጠው የለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት መልሶች ስለ ዓሣ ዋጋ ናቸው።